ጉድለቱ የተጻፈበት ቴሌቪዥን

የእህቴ ባል ቆቦ ዋናው መንገድ ዳር ያገለገሉ ቴሌቪዥኖች የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይሲቲ አስተምር ነበር። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ፣ «አንቺ ኮምፒውተር ታውቂያለሽ፤ ቴሌቪዥንም ወንድሙ ነው» ብሎ ሱቁ ውስጥ አስቀመጠኝ። ሥራዬ በየቴሌቪዥኑ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት መጻፍ ነበር፤ ስንት ኢንች እንደሆነ፣ የምስሉን ጥራት፣ መሰኪያዎቹንና ሪሞቱን።

ከእኔ በፊት ወረቀቱን የሚጽፈው ራሱ ነበር። እጁም ለጋስ ነበር። የቴሌቪዥን ኢንች የሚለካው ከስክሪኑ አንድ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ነው። እሱ ግን ከውጭኛው ፕላስቲክ ጀምሮ ይለካና «ዓይን ሲያየው ይሰፋል» ብሎ ጥቂት ይጨምርበታል። በዚህ ዓይነት ሠላሳ ሁለት ኢንቹ ሁሉ እሱ ጋ ሲደርስ ሠላሳ ስድስት ይሆናል። የምስል ጥራት ላይማ ለሁሉም «ፉል ኤችዲ» ብሎ ነበር የሚጽፈው፤ ሆዱ ክብ ለሆነው ለአሮጌው ቴሌቪዥን ሳይቀር።

እኔ ሜትሬን ይዤ አንድ በአንድ ለካሁ። ከዚያ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ወረቀት የመሰሉ ባዶ ምስሎች በፍላሽ ጭኜ በየተራ ከፈትኩባቸው። ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች ፒክስል ይባላሉ። አንዱ ከሞተ ነጩ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። አንዱ ቀለም ይዞ ከደረቀ ደግሞ ጥቁሩ ላይ እንደ ኮከብ ያበራል። ያገኘሁትን ሁሉ ጻፍኩ። የአንዱን አሁንም አስታውሰዋለሁ፦

«32 ኢንች። ጥራት 1366 በ768፤ ፉል ኤችዲ አይደለም። የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ሁለት፤ አንደኛው አይሠራም። ዩኤስቢ አንድ። ሪሞቱ የራሱ አይደለም፤ የሜኑ ቁልፉ አይታዘዝም። ከታች በስተግራ አንድ የሞተ ፒክስል፣ መሃል ላይ አንድ ሁልጊዜ አረንጓዴ የሚያበራ አለ።»

የእህቴ ባል መነጽሩን አድርጎ አነበበና ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄ የሐኪም ማስረጃ ነው ወይስ ማስታወቂያ?»

«ያለውን ነው የጻፍኩት።»

«'የሞተ' ትያለሽ? ሰው ሬሳ ያለበት ቴሌቪዥን ቤቱ ያስገባል?»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እኔ ምሳ በልቼ ስመለስ ወረቀቴ ተነሥቶ የእሱ ተለጥፏል። «36 ኢንች፣ ፉል ኤችዲ፣ ሁሉ ነገር ሙሉ፣ እንከን የለሽ!» ቴሌቪዥኑ ደግሞ ጎብዬ ከተማ ካፌ ላላት ሴት ተሸጦ በብርድ ልብስ እየተጠቀለለ ነበር። ልናገር ስል በዓይኑ ከለከለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በሦስተኛው ቀን ሴትየዋ ቴሌቪዥኑን ከነብርድ ልብሱ ይዛ በሚኒባስ ተመለሰች፣ ከሁለት ደንበኞቿ ጋር። ደንበኞቿ ለምስክርነት ነው የመጡት።

«ወንድሜ፣ ሪሲቨሩን ሰካሁት፤ ምስል የለም። ሰው ቤት ሞልቶ ኳሱ ሊጀመር ነው። ሪሞቱን ብጫነው ብጫነው ሜኑ የሚባል አያመጣም። በመጨረሻ አንድ ልጅ ገመዱን ወደ ሁለተኛው መሰኪያ ቀይሮ አዳነኝ። እስከዚያ ጎል ገብቷል!»

«ኤሌክትሮኒክስ ነው፣ እናቴ፤ መንገድ ላይ ሊንገጫገጭ ይችላል» አለ የእህቴ ባል።

እኔ መቻል አቃተኝና መሳቢያ ውስጥ የተጣለውን ወረቀቴን አውጥቼ ሰጠኋት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለምስክሮቿ አነበበችላቸው። ስለ መሰኪያው ስታነብ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስለ ሪሞቱ ስታነብ ደግመው ነቀነቁ። አረንጓዴው ነጥብ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች።

«ይህን እኛ አላየንም!»

«ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ ኳስ ላይ አይለይም» አልኳት። «ጥቁር ነገር ሲመጣ ነው የምታዩት።»

ከምስክሮቹ አንዱ ሳቀ። ሴትየዋም ሳቀች። ቴሌቪዥኑን ትመልሳለች ስንል የሚሠራ ሪሞት ብቻ አስቀየረችና ወረቀቴን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ይህን ብትሰጡኝ እኮ ያኔውም እገዛው ነበር» አለችና ሄደች።

ወረቀቷን ለማን ለማን እንዳሳየች አላውቅም። ብቻ ከዚያ በኋላ ከዋጃም ከሮቢትም የሚመጣው ሁሉ በር ላይ ቆሞ፣ «ጉድለቱ የተጻፈበት አለ?» ይል ጀመር። የእህቴ ባል መጀመሪያ ተናደደ፤ ቀጥሎ ደስ አለው፤ ቀጥሎ ጭንቅ ያዘው። ምክንያቱም ነጥብ ያለባቸው ሁሉ ተሸጠው አልቀው፣ ምንም ያልሆነ አንድ ጥሩ አርባ ኢንች ብቻ ቀረ። እውነተኛ ፉል ኤችዲ፣ 1920 በ1080፤ ሦስቱም ኤችዲኤምአይ ይሠራል፤ ሪሞቱም የራሱ ነው። ገዢ ወረቀቱን አንብቦ ይጠራጠርና ይወጣል።

«አንድ ነጥብ ጻፊበት» አለኝ።

«የለበትማ!»

«ትንሽ። ጥግ ላይ። ማንንም የማትጎዳ።»

አንድ ሳምንት ሙሉ ነዘነዘኝ። እህቴ ሳትቀር «ምን አለበት?» አለችኝ። በመጨረሻ በገዛ እጄ «ከላይ በስተቀኝ አንድ የሞተ ፒክስል» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ የሮቢት አንድ አባወራ፣ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ ሽማግሌ፣ ወረቀቱን አስነብበው «እንዲህ ነው እንጂ!» ብለው ወሰዱት።

በአምስተኛው ቀን ፊታቸው ጠቁሮ መጡ።

«ልጄ፣ ቴሌቪዥኑን ቀይራችሁብኛል።»

«ኧረ አባቴ፣ ያው ራሱ ነው!»

«ያቺ ነጥብ የታለች? ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግሬ መጥተው ፈለጉ። አንዱ አገኘኋት አለ፤ ሲጠርጋት የዝንብ ኩስ ሆነች። ሌላው በግራ ነው አለ። ሚስቴ ጭራሽ በባትሪ ስትፈልግ አደረች። የለችም! እኔ የገዛሁት ባለ ነጥቡን ነው፤ ይሄኛው ምን የተደበቀ በሽታ ቢኖርበት ነው?»

የእህቴ ባል ወደ እኔ አየ፤ እኔም ወደ እሱ አየሁ። ላቡን ጠረገ።

«አባቴ... ነጥብ የለውም። እኛ ነን የጻፍንበት።»

«ለምን?»

«እንዲያምኑን ብዬ።»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቁ ነው። ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

«እንዲህ ያለ ሌባ አይቼ አላውቅም» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ደህናውን ከብት አንካሳ ነው ብሎ የሚሸጥ!»

ሳቃቸው ሲያልቅ ግን በቀላሉ አልለቀቁንም። አዲስ ወረቀት አስጻፉኝ፤ «ምንም ነጥብ የለበትም» የሚለውን ሁለት ጊዜ። የእህቴን ባል አስፈረሙት፤ እኔንም አስፈረሙኝ። ቀለሙ እስኪደርቅ ቆመው እፍ አሉበትና ኪሳቸው ውስጥ አስገቡት።

የእህቴ ባል ለሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን አዲስ ዕቃ ከደሴ ሲመጣ ሜትሩን አቀበለኝና፣ «በይ፣ ያየሽውን ብቻ ጻፊ» አለኝ። ቀጥሎ ምን እንደሚል ጠበቅኩ። እሱ ግን ወጥቶ ካርቶን ማውረድ ጀመረ።