የፊርማ ገንዘብ የጠየቅሁ ጊዜ

ሆቴሉ ሥራ ሲሰጠኝ ገና መስታወቱ ተገጥሞ አላለቀም ነበር። ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከቤታችን በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው። በየቀኑ ወደ ሥራ ስሄድ በአጠገቡ አልፋለሁ፤ እና አንድ ቀን የሂሳብ ክፍል ኃላፊ እንደሚፈልጉ ሰማሁ። ተፈተንኩ፤ ሁለት ጊዜ ጠርተው ጠየቁኝ። በሚያዝያ መጨረሻ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ «ልንቀጥርሽ ወስነናል» የሚል ኢሜይል ከነደመወዙ መጣልኝ። የቢሮውን መጸዳጃ ቤት በር ቆልፌ ብቻዬን ጨፈርኩ።

ያን ጊዜ ስታዲየም አካባቢ መለዋወጫ የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። አለቃዬ መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ግን እዚያ ኃላፊ የመሆን ተስፋ አልነበረኝም። ሆቴሉ ግን አንድ ወረቀት ሳይጻፍበት የሂሳብ ክፍሉን ከባዶ አቋቁሚ እያለኝ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ በሕይወት ዘመን ስንት ጊዜ ይገኛል? በጣም ፈለግሁት፤ እውነቱን ለመናገር፣ እንቅልፍ እስካጣ ድረስ።

ጭፈራው ሲበርድልኝ ግን ደብዳቤውን እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ደግሜ አነበብኩት። መነሻ ደመወዙ አሁን ከማገኘው ብዙም አይበልጥም። «ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመርበት ጥሩ ገቢ ይሆናል» ይላል። ሰርቪስ ቻርጅ እንግዳው ከሚከፍለው ላይ ተሰብስቦ ለሠራተኛው የሚከፋፈል ገንዘብ ነው። ታዲያ እንግዳ የለም እኮ! አልጋ እንኳን ገና አልገባም። በዚያ ላይ በሰኔ መጀመሪያ ሥራ ጀምሪ ይላሉ። የእኔ ድርጅት የዓመቱን ሂሳብ የሚዘጋው ሰኔ ሠላሳ ነው፤ ቦነስ የሚከፍለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔ በሥራ ላይ ያልተገኘ ሰው ደግሞ አይደርሰውም። ዓመቱን ሙሉ ለፍቼ አንድ ወር ሲቀረኝ ጥዬው ልሄድ ነው። ተናደድኩ፤ የምናደደው በፍጥነት ነው፤ በዚያች ሰዓት መልስ ስላልጻፍኩ እግዚአብሔር ይመስገን።

ቅዳሜ ጠዋት ለአባቴ ነገርኩት። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ የሁለታችን ነው። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲያረቅ የኖረ ሰው ነው።

«ደመወዝ ይጨመርልኝ፣ ደግሞም ስፈርም የሚከፈል ገንዘብ ይሰጠኝ ልላቸው ነው» አልኩት።

«የፊርማ?» አለ፤ ሬዲዮውን ቀነሰ። «ተጫዋች ሆንሽ እንዴ? በየትኛው ክለብ ነው የምትሰለፊው?»

«አባዬ፣ የምሬን ነው። ቦነሴን ትቼ ልሄድ ነው፤ እሱን ይካሱኝ ነው የምለው።»

«እኛ ደመወዝ በእርከን ነው የምናውቀው። መንግሥት ይመድባል፣ አንቺ ትፈርሚያለሽ፣ በቃ። ሰዎቹ ‹ገና ሳትገባ› ብለው ቢተዉሽስ?»

እኔንም የሚያስፈራኝ እሱ ነበር። ቢሆንም ወረቀት አወጣሁ። አባቴም የተቃወመውን ረስቶ ወንበሩን አስጠጋ፤ ደብዳቤ የሚረቀቅበት ቤት ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። መጀመሪያ ምስጋና ይቅደም አለ፤ ልክ ነው። ሥራውን በደስታ እንደምቀበለው ጻፍኩ። ቀጥሎ ሆቴሉ እስኪከፈት ሰርቪስ ቻርጅ ስለሌለ፣ መነሻ ደመወዙ በአንድ ሦስተኛ እንዲጨመር ጠየቅሁ። ከዚያም በሰኔ ከጀመርኩ ቦነሴን ስለማጣ፣ የሁለት ወር ደመወዝ የሚያህል የፊርማ ክፍያ። «ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ» ብዬ ልጨርስ ስል አባቴ እጄን ያዘኝ።

«እንዲህ ቆርጠሽ አትተይው። ሰው ሲጠየቅ መውጫ ይተውለታል። ‹ይህ ባይሆንም ግድ የለኝም፣ በመጀመሪያው እስማማለሁ› በይ። ጨዋነት ነው።»

ይሉኝታ ክፉ ነው። ለእኔም ጨዋነት መሰለኝ፤ እንዲያውም ልቤ አረፈ። በእንግሊዝኛ አሳምሬ ገለበጥኩት። የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ይህን አልጽፍም ብዬ ሰፈር ያለ ኢንተርኔት ቤት ገባሁና ላክሁት።

ስህተቴ የገባኝ ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ነው። ልክ ሆቴሉ ፊት ለፊት ቆምኩ። አንቺ ጅል! ጨምሩልኝ ብለሽ፣ ባትጨምሩም እመጣለሁ ካልሽ፣ ማን ይጨምራል? እኔ እንኳን አልጨምርም! አላፊ አግዳሚው እያየኝ ጮክ ብዬ ራሴን ሰደብኩ። ቤት ገብቼ አባቴ ላይም ጮህኩበት። «ጨዋነት ምን ያጎድላል?» አለ፤ ግን ድምፁ ቀዝቅዟል። እሑድን ሁለታችንም ተኳርፈን ዋልን።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የሆቴሉ የሰው ኃይል ኃላፊ ናቸው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ያየኋቸው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሴት። ምሳዬን ትቼ ደረጃው ላይ ወጣሁ።

«ኢሜይልሽን አንብቤዋለሁ» አሉኝ። «ስለ ሰርቪስ ቻርጁ ያልሽው ልክ ነው። እኛም ብንሆን ማሰብ ነበረብን።»

«አመሰግናለሁ» አልኩ፤ ቀጥሎ የምትመጣዋን «ግን» እየጠበቅሁ።

«ለሥራ አስኪያጁ አሳየሁት። ፈረንጅ ነው፤ ቀጥታ ነገር ይወዳል። መነሻው በሩብ ይጨመራል፣ ከዚያ በላይ እርከኑ አይፈቅድልንም። የፊርማውን የጠየቅሽውን ሙሉ ይሰጥሻል፤ ግብሩ ተቆርጦ፣ ከመጀመሪያው ደመወዝሽ ጋር። ግን ዓመት ሳይሞላሽ ከለቀቅሽ ትመልሺዋለሽ። ይህ ደብዳቤው ላይ ይጻፋል።»

የማላውቀው ሞኝነት አናገረኝ፤ «የመጨረሻዋን መስመር… ሥራ አስኪያጁ አይተዋታል እንዴ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «እሱ ምኑን አይቶ? ላኩልኝ ሲል ሰርዤ ነው የላክሁለት። ስንት ልጅ መጨረሻው ላይ እንደዚያ ሲጽፍ አይቻለሁ መሰለሽ! እኔም ስቀጠር ጽፌአለሁ። ይሉኝታሽን ለእኔ ተይው፤ ብርሽን ያዢ።»

ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው። የተስተካከለው ደብዳቤ በኢሜይል ሲደርሰኝ እያንዳንዱን ቃል አመሳክሬ ፈረምኩ፤ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያዬን ለአለቃዬ ያስገባሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ማታ አባቴ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር፤ መኮራረፋችን ቀርቷል። ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ደመወዙ «እሰይ! እሰይ!» እያለ ሰማ። ሴትየዋ መስመሯን እንደሰረዟት ስነግረው ግን በሳቅ ፈነዳ፤ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እኔም አብሬው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና፦

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያቺን መስመር ጻፍኳት» አለ። «አንድ የሚሰርዝልኝ ሰው አላገኘሁም።»

አቀፍኩት። ጃኬቱን አስለብሼ እዚያው ካዛንቺስ ክትፎ ቤት ወሰድኩት። አስተናጋጁ ሂሳብ ሲያመጣ አባቴ እንደ ልማዱ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ከዚያ አየኝና እጁን ባዶውን መልሶ አወጣ።

«በይ ክፈዪ» አለኝ፤ ደስ ብሎት።