ሦስት ወር የታጠብኩበት ሳሙና

መልእክቱ የደረሰኝ ዋሊሰለን ከተማ በምሠራበት የልብስ መደብር የምሳ እረፍት ላይ ሳለሁ ነው። የላከችልኝ ጄኔቭ የምትኖር፣ በአካል የማላውቃት ሴት ናት። «በጌታ ሰላም ይሁንልሽ እህቴ» ብላ ጀመረች። ከዚያ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀች። ልጅ የለኝም። ሳንድዊቼን በልቼ ጨረስኩ፣ እሷ ግን ሰላምታውን አልጨረሰችም።

ጉዳዩ በመጨረሻ መጣ። ጄኔቭ ፕላንፓሌ ሰፈር ባለው ቤቷ የጥቁር አዝሙድ ሳሙና መሥራት ጀምራለች፤ ከፍላኝ ቲክቶክ ላይ እንድገመግምላት ትፈልጋለች።

ይህ ክፋት የለውም። ስለ ቆዳ እንክብካቤ በአማርኛ ቪዲዮ እሠራለሁ፤ ከፍለው የሚያሠሩኝም አሉ። ግን የሚሰሙኝ ሴቶች የምለውን ገዝተው ፊታቸው ላይ ያደርጉታል። ትራም ውስጥ አግኝተው «አንቺን አምኜ ነው የገዛሁት» የሚሉኝ አሉ። እነሱ ካላመኑኝ ቪዲዮ ብሠራ ባልሠራ ለውጥ የለውም።

ሴትዮዋ ደግሞ የምናገረውን ራሷ ጽፋልኛለች። «ሦስት ወር ተጠቅሜበታለሁ፤ ማድያቴን ጥርግ አድርጎ አጠፋልኝ» በይ ትላለች። ከሥሩ «ማስታወቂያ መሆኑን ባትጠቅሺው ደስ ይለኛል፤ ሰው አያምንም» የሚል አለ።

ምን ምን እንደገባበት ጠየቅኳት። «ሁሉም የተፈጥሮ ነው» አለች። የዘይቶቹን ዝርዝር ላኪልኝ ብላት «አታስቢ፣ ተጸልዮበት ነው የተሠራው» ብላ መለሰች። ጸሎቱን ማን ጠላ? እኔ የጠየቅኩት ዘይቱን ነው። መቼ ተሠራ አልኳት። «ዛሬ አምስት ሳምንቱ ነው፤ ገና አሁን ደርቆ ለመሸጥ ደረሰ።»

ታዲያ እኔ ሦስት ወር የታጠብኩት በምንድን ነው? ደሜ ፈላ። ከሥራ ወጥቼ ዲቤንዶርፍ ያለው ቤቴ እንደገባሁ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ደወልኩላት።

«ስሚኝ እህቴ፣» አልኳት፣ «ሁለት ሳምንት እሞክረዋለሁ፤ ያየሁትን እናገራለሁ። የተከፈለበት ማስታወቂያ መሆኑን ከቪዲዮው መጀመሪያ ላይ እጽፋለሁ። ማድያት ያጠፋል አልልም፣ ሳሙና መድኃኒት አይደለም። ለመሆኑ እንዲህ ያለውን ውሸት ከየት አመጣሽው?»



«ካንቺ» አለችኝ፣ ምንም ሳትቆጣ። «ባለፈው ዓመት ለዚያ የማድያት ክሬም ከሠራሽው ቪዲዮ ነው ቃል በቃል የገለበጥኩት። እንደዚያ የሚባል መስሎኝ። እኔም ገዝቼው ሦስት ወር ሙሉ ተቀብቻለሁ።»

«ማድያትሽስ?» አልኳት፣ ድምፄ ወርዶ።

«እንዳለ ነው። አቀባቡን ያላወቅኩበት እኔ ነኝ ብዬ ተውኩት።»

 ያንን ክሬም እኔ የተቀባሁት አራት ቀን ነው።