ዘፈን የማያስመርጠው ስልኬ

ትምህርት ቤታችን ፒያሳ ነው። በዚያ ዓመት ሦስተኛ ክፍል አስተምር ነበር፤ በተጨማሪም የሚኒ ሚዲያው ኃላፊ ነበርኩ። ሚኒ ሚዲያ የምንለው አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ማይክራፎን፣ አንድ ያረጀ ኮምፒውተርና ግቢው መሀል ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ነው። ጠዋት ተማሪዎች ዜና ያነባሉ፣ በእረፍት ሰዓት ዘፈን እንከፍታለን። ብዙ መምህራን ሥራውን ይሸሹታል። እኔ ግን እወደው ነበር፤ ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለው «ቲቸር፣ የኛን ክፈችልን!» ሲሉኝ ከክፍል የማላገኘውን ደስታ አገኝ ነበር።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አዲስ የስፖርት መምህር ተቀጠረ። ውቤ በረሃ ተወልዶ ያደገ፣ ለሁሉም ነገር መልስ ያለው ልጅ ነው። ሜዳ ላይ የውሃ ኮዳ የምታክል ስፒከር ያስቀምጥና ከስልኩ ዘፈን ይከፍታል። ልጅ አንድ ዘፈን ከጠራለት ያንኑ፣ ወዲያው። በሳምንት ውስጥ የሚኒ ሚዲያው መስኮት ባዶ ሆነ።

አንዷን ተማሪዬን ጠርቼ ምን ሆናችሁ አልኳት።

«የቲቸር ዘፈን ማስታወቂያ አለው፤ የሱ የለውም» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ሁለታችንም የምንጠቀመው አንድ ዓይነት የሙዚቃ አፕ ነው። እሱ ይከፍልበታል፤ እኔ በነፃ እሰማለሁ። በነፃ የሚሰማ ሰው ክፍያውን በሌላ መንገድ ይከፍላል፤ በየጥቂት ዘፈኑ መሀል ማስታወቂያ ይገባል፣ ማስታወቂያውን ደግሞ መዝለል አይቻልም። የኔ ማስታወቂያ በፈጣን እንግሊዝኛ የምታወራ አንዲት ሴት ነበረች፤ ከፍላችሁ ብትሰሙ እኔን አትሰሙኝም እያለች ራሷን ታስተዋውቃለች። ልጆቹ በቃላቸው ይዘዋት ከድምፅ ማጉያው ጋር እኩል ይሏታል። የእንግሊዝኛው መምህር «ተይው፣ አነጋገራቸው ተሻሽሏል» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞክሯል።

ቅናት የሚባለውን ነገር ከዚያ በፊት የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ሌላው ሰው ያለውን መፈለግ ነው ብዬ አስብ ነበር። የሱን ስልክ ግን አልፈለግሁም። የፈለግሁት ልጆቹ ወደ ሜዳው ሲሮጡ አንዷ እንኳ ዞር ብላ መስኮቴን እንድታይ ነበር።

የወላጆች በዓል ሲቃረብ ዕድሉን ያገኘሁ መሰለኝ። የክፍሌ ልጆች የጉራጌ ጭፈራ እንዲያቀርቡ ተመረጡ። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ደጃፍ አሰልፋቸው ነበር። ዘፈኑን ኮምፒውተሩ ላይ እከፍታለሁ፣ እነሱ እግራቸውን እያፈጠኑ እጃቸውን ያጨበጭባሉ። በመሀል ማስታወቂያ ከገባ እንደ እረፍት እንቆጥረዋለን፤ ውሃ ይጠጣሉ። ከመካከላቸው ሰፈራቸው ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር የሄዱ አሉ፤ ሁለት አውቶቡስ ይዘው ነው የሚመጡት፣ ግን ልምምድ አይቀሩም። ይህ ጭፈራ የኔና የነሱ ነበር። ስፖርት መምህሩ የሌለበት አንድ ነገር።

የመድረኩ ልምምድ በዓሉ በሚከበርበት አዳራሽ ነው፤ ቸርችል ጎዳናን ወረድ ብሎ የተከራየነው። ኮምፒውተሩ ከባድ ስለሆነ በስልኬ ልከፍት ወሰንኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አላወቅሁም ነበር። በዚያ አፕ ነፃው በኮምፒውተር የፈለጉትን ዘፈን ያስመርጣል፤ በስልክ ግን አያስመርጥም፣ ራሱ እያደባለቀ በዘፈቀደ ነው የሚያጫውተው። ከልምምዱ በፊት ስልኬ ላይ «ሸፍል» የምትለዋን ምልክት አይቼ ትንሽ ተጠራጥሬ ነበር። ግን መምህር ነኝ፤ አሰብኩበት። አዲስ ዝርዝር ከፈትኩና ያንን አንድ ዘፈን ብቻ አስገባሁበት። አንድ ነገር ብቻ ያለበት ዝርዝር ምኑ ከምኑ ይደባለቃል? በአሳቤ ኮርቼ ለእንግሊዝኛው መምህር ሁሉ አስረድቼዋለሁ።

ልጆቹ መድረክ ላይ ተሰለፉ። ርዕሰ መምህሯ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ስፖርት መምህሩም ጅምናስቲክ የሚያሳዩ ልጆቹን ይዞ ከኋላ ቆሟል። ምልክቱን ነካሁ። የፍቅር ዘፈን መጣ፤ እጅግ ዝግ ያለ። አፑ ዝርዝሩ አጭር ሲሆንበት ከራሱ የመሰለውን እንደሚጨምርበት ያወቅሁት ያኔ ነው። ዘለልኩት። ሌላ መጣ፤ ዘለልኩት። ልጆቹ እጃቸውን ለጭብጨባ እንዳነሡ ቆመዋል። እንደገና ዘለልኩ፤ ትንሽ ቆይቶ ምልክቷ አልንቀሳቀስም አለች። ለካ በነፃው በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚዘለለው በቁጥር ነው፤ ካለቀብዎት የመጣውን ይሰማሉ። ከዚያ ደግሞ ያቺ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሴት መጣች። መድረኩ ላይ ያሉት ልጆች ከሷ ጋር እኩል በዜማ አሏት፤ ከኋላ የቆሙት የጅምናስቲክ ልጆች ሳቃቸውን ለቀቁት።

ስፖርት መምህሩ ወደኔ መጣ።

«የትኛው ነው ዘፈኑ?» አለኝ።

ነገርኩት። ጻፈው፣ ነካው፣ መጣ። ልጆቹ ጨፈሩ፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ አሳምረው ጨፍረው አያውቁም።

ርዕሰ መምህሯ ተነሡ። «በበዓሉ ዕለት ሙዚቃው በሱ ይሁን» አሉ።

«እትዬ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ወላጅ ፊት የሚስተካከል ነገር የለም። አንቺ ልጆቹን ያዢልን።»

ልጆቹን መያዝ ከባዱ ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነበር፤ ጭፈራው የሱ ሆነ።

ስንወጣ ስፖርት መምህሩ ዳገቱን አብሮኝ ወጣ። «ሙድ አልያዝኩብሽም እኮ» አለኝ። «እኔም በነፃው ስጀምር ሰርግ ላይ ለሙሽሮቹ ለቅሶ ነገር ከፍቼባቸው ዘመድ ሊደበድበኝ ነበር።»

አልሳቅሁም። እሱ ግን ሳቀና «ከፈለግሽ አፑ ላይ በኔ ስም ግቢ፤ የይለፍ ቃሌን ልስጥሽ» አለኝ። ኩራቴ እንቢ በይ አለኝ፤ እጄ ግን ስልኬን አወጣለት።

በማግስቱ በሱ ስም ገብቼ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ደጃፍ ልጆቹን አሰለፍኩ። ስልኬ የመረጥኩትን ከፈተ። ማስታወቂያ የለም፣ ውሃ ለመጠጣት ምክንያት የለም። አዲስ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ዘፈኑ ግማሽ ሳይደርስ ቀጥ አለ። እንደገና ነካሁት፤ ቀጠለ። ከሜዳው በኩል «ምን ሆነ? አቋረጠው!» የሚል የልጆች ጩኸት ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ የኔ እንደገና ቆመ፣ ሜዳው ዘፈነ። የአንድ ሰው ክፍያ በአንድ ጊዜ በአንድ ስልክ ነው የሚያጫውተው፤ እሱ ሲከፍት እኔን ይነጥቀኛል፣ እኔ ስከፍት እሱን እነጥቀዋለሁ። በመስኮት አየሁት። ልጆች ክብ ሠርተው መሀል ላይ እሱ ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ ኔትወርክ ይፈልጋል፤ የጠፋው ኔትወርክ መስሎታል። ጣቴ ምልክቷ ላይ ነበር። አንዴ ደግሜ ልነካት አማረኝ። ከዚያ ልጆቼን በጭብጨባ ብቻ አስጨፈርኳቸው።

ለራሴ ልክፈል ብዬ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ያለ የስልክ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ወልዶ ያሳደገኝ ያህል በፍቅር ተቀበለኝ።

«እህቴ፣ ይህ የሚከፈለው በውጭ ካርድ ነው። የሚከፍልልኝ ሰው አለኝ፤ ግን ትንሽ ይቆያል።»

«በዓሉ ቅዳሜ ነው።»

«እንግዲያው የተጠለፈውን ልጫንልሽ፤ ሳትከፍዪ ሁሉን ይከፍትልሻል።»

«ቢዘጋብኝስ?»

«ሲዘጋብሽ ነዋ የምትመጪው» ብሎ ሳቀ።

በዓሉ ዕለት መድረክ ላይ እንደሚዘጋ ታየኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ከኛ ቀጥሎ የሚገባው የስፖርት መምህሩ ጅምናስቲክ ነበር፤ ልጆቹ በልጆች ትከሻ ላይ የሚወጡበት። ከመጋረጃው ጀርባ ሲለማመዱ ካልያዛቸው ይወድቁበታል። ተራችን ሊደርስ ሲል እየሮጠ መጥቶ ስልኩን እጄ ላይ አኖረው።

«አውርጄዋለሁ፣ ስልኩ ውስጥ ነው ያለው። ኢንተርኔቱንም ጥሪውንም ዘግቻለሁ። ንኪው ብቻ» ብሎኝ ወደ ልጆቹ ተመለሰ።

ዘፈንን ስልክ ውስጥ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መስማትም የሚከፍሉት ነው፤ ይህን አውቄ ነበር። ያላወቅሁት ስልኩ ላይ የማየውን ነው። ዝርዝሩን «የሦስተኛ ክፍል ልጆች» ብሎ ሰይሞታል። በውስጡ አንድ ዘፈን፤ የኛ። ያንኑ የኔን አሳብ ነው የወሰደው፣ የኔ ላይ ያልሠራውን። ቅር አለኝ። ቢያንስ ሥርዓት ያለው መሆን የኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ነካሁት። ዘፈኑ መጣ፣ ልጆቹ ጀመሩ። ጭፈራውን ያለማመድኳቸው እኔ ነኝ፣ እርምጃቸውን አውቀዋለሁ፤ ግን መድረኩን አላየሁም። ዓይኔ ስልኩ ላይ እየሄደች ያለችውን ቀጭን መስመር እየተከተለ ነበር። ትቆማለች ብዬ ፈራሁ። ልብ ብዬ ስሰማው ደግሞ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ትንሽ ብትቆም ደስ የሚለው አንድ ነገር ውስጤ ነበር። አልቆመችም። ዘፈኑ ባለቀበት አለቀ፤ ከኋላው ያቺ የማስታወቂያ ሴት አልመጣችም።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያነሡ «ይደገም!» አሉ። ሌሎች ተቀበሏቸው። ርዕሰ መምህሯ ወደኔ ዞረው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። መድረክ ላይ ያሉት ልጆች ደግሞ ሁሉም እያለከለኩ እኔን ያያሉ። ስልኩን አይደለም፣ ሜዳውንም አይደለም፤ እኔን።

ያንኑ ዘፈን መልሼ ነካሁት። በዚህኛው ጊዜ መድረኩን አየሁ። ከመጋረጃው ጫፍ ስፖርት መምህሩ አንገቱን አውጥቶ በምቱ ያጨበጭብ ነበር፤ ሁለት ልጆቼ ወደሱ ዞረው ፈገግ አሉለት። ያቺም አመመችኝ።

ፕሮግራሙ እንዳለቀ በሰው መሀል ሲፈልገኝ አየሁት። ወላጆች ከበውኝ ስለነበር እጄን ብቻ አወዛወዝኩለት። ስልኩን የመለስኩለት አዳራሹ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።