ጋሽ ሣህሌ ያልሰሙት ገጽ

ሶረቲ መርዶውን የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት ከፎቶ ኮፒ ቤት ስትመለስ ነው። ቅጂዎቹን አቅፋ የዩኒየኑን በር ስትገፋ አለቃዋን አቶ በእውቀቱን ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«ጋሽ ሣህሌ ሌሊት ዐርፈዋል» አሏት።

«እሺ» አለች።

ሶረቲ የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ናት። አሰላ ወደሚገኘው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ለሁለት ወር ልምምድ ስትመጣ ሠላሳ አራት ገጽ የእንግሊዝኛ ሰነድ ሰጧት። ሰነዱ ስለ ነቀዝ ኪኒን ነው። ኪኒኑ የአየር እርጥበት ሲያገኘው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በጆንያ መሀል ገብቶ ነቀዙን ይገድላል፤ ያልተጠነቀቀ ሰውንም ይገድላል። ይህን ለመጋዘን ሠራተኞች በሁለት ገጽ፣ ግልጽ በሆነ አማርኛ አሳጥራ እንድታቀርብ ታዘዘች። ኦሮምኛው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ክምሩ ስንት ቀን እንደሚሸፈን የሚያሳየው ሠንጠረዥ ብቻ አራት ቀን በላ። አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር ጋዙ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ፣ የአሰላ መጋዘን የእህል ክምር ከቆላው የአቦምሳ መጋዘን ክምር የበለጠ ብዙ ቀን ተሸፍኖ መቆየት አለበት። ይህን በአንድ መስመር ለመናገር ዐይኗ እስኪቀላ ጻፈች፣ ሰረዘች።

ጋሽ ሣህሌ ሃያ ስድስት ዓመት የዩኒየኑ መጋዘን ጠባቂ ነበሩ። ለመጋዘን የሚወጣ ወረቀት ሁሉ መጀመሪያ ለእሳቸው ይነበባል። ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሐሙስ ዕለት ሶረቲ የጥንቃቄውን ገጽ አነበበችላቸው።

«‹የአየሩ ደኅንነት ሳይረጋገጥ ወደ መጋዘኑ መግባት ክልክል ነው።›»

«ማነው የሚያረጋግጠው? እኔ? በምኔ፣ በአፍንጫዬ?»

«በመሣሪያ ነው ጋሼ። ዩኒየኑ አንድ አለው።»

«እንግዲያው ‹ዩኒየኑ መሣሪያውን ይዞ መጥቶ ሳይለካ እንዳትገባ› በያ። ምን ታስጨንቂኛለሽ?»

ሶረቲ እየሳቀች አስተካከለች። ሁለተኛው ገጽ ሥራውን ራሱን የሚናገረው ነበር። «እሱን ሰኞ እንሰማዋለን የኔ ልጅ፤ ዛሬ ደክሞኛል» አሏት። አቶ በእውቀቱ ግን መኪናው ኪኒኑን ጭኖ ቅዳሜ ስለሚወጣ ሰኞን አይጠብቅም ብለው ፈረሙበት። ቅዳሜም ከቀብሩ በፊት ወረቀቱ ከኪኒኑ ጋር ወደ ሲሬ፣ ወደ ዴራና ወደ አቦምሳ መጋዘኖች ሄደ።

እሑድ ሶረቲ ለቅሶ ቤት ተቀመጠች። የመጋዘኑ ጫኝ ከዲሮ ንፍሮ በሳህን ይዞ አጠገቧ መጣ።

«ተማሪዋ፣ ብዪ እንጂ። ወረቀቱ ነው እንዲህ ያከሳሽ?»

«ይሆናል።»

«ድንኳን አጥተን የመጋዘኑን ሸራ ነው የወጠርነው። ነገ እናወርደዋለን፤ ለኪኒኑ ያስፈልጋል። ‹ክምሩን ሸራ አልብሱ› ይል የለ ወረቀትሽ?»

«ይላል» አለችና ቀና አለች። የቀትር ፀሐይ በሽመናው ቀዳዳ ሁሉ እየሾለከ ለቀስተኛው ላይ ነጠብጣብ ጥሏል።

እንግሊዝኛው የሚለው ጋዝ የማያሳልፍ መሸፈኛ ነበር። እሷም መጀመሪያ «ወፍራም፣ ጋዝ የማያሳልፍ ፕላስቲክ» ብላ ነበር የጻፈችው። ጽሑፉ ሦስት መስመር ተርፎ ወደ ሦስተኛ ገጽ ሲያልፍባት ቆርጣ «ሸራ» አለችው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ቃል በማግኘቷ ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር።

«ከዲሮ፣ በዚህ ጋዙ ያልፋል» አለች።

ከዲሮም ቀና አለ። «ጋዝ ትያለሽ፣ ዝናቡም ያልፋል። ጋሽ ሣህሌ ቢሰሙሽ ‹ወንፊት ልታለብሺኝ ነው?› ይሉሽ ነበር።» ሊስቅ ብሎ የት እንዳለ ትዝ አለውና አፉን በእጁ ያዘ። ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አቦምሳ ያለው ዘበኛ፣ ሊበን፣ ከመጋዘኑ ጋር አንድ ግድግዳ በሚጋራ ክፍል ነው የሚተኛው።»

ሶረቲ ተነሥታ ሽማግሌዎቹ መሀል ወደተቀመጡት አቶ በእውቀቱ ሄዳ ጎንበስ አለች።

«ሶረቲ፣ ለቅሶ ላይ ነን» አሏት።

«አውቃለሁ። ግን መጋዘኖቹ ኪኒኑን ዛሬ ሊጀምሩ ይችላሉ። ስሕተቱ የኔ ነው።»

ሰምተዋት ሲጨርሱ ስልካቸውን ይዘው ወጡ። ሲሬና ዴራ ገና አልጀመሩም፤ እንዳትነኩት ተባሉ። የአቦምሳው ስልክ አይሠራም። የዩኒየኑ ሾፌር ከለቅሶው ተነሥቶ ወደ አቦምሳ ነዳ። ሶረቲ እስኪደውል ድረስ ከዲሮ የሰጣትን ንፍሮ በእጇ እንደያዘች ነበር። ሊመሽ ሲል ደወለ፤ ክምሩ ሸራ ለብሷል፣ የኪኒኑ ቆርቆሮ ግን አልተከፈተም።

ሰኞ ሶረቲ ሁለተኛውን ገጽ እንደገና ጻፈች። «ሸራ» የሚለውን ጋዝ በማያሳልፍ ፕላስቲክ ተካች፣ የፕላስቲኩ ጠርዝ በምን እንደሚጫን ጨመረች፤ ወረቀቱም ሦስት ገጽ ሆነ። አቶ በእውቀቱ አንብበው ጠረጴዛቸው ላይ አኖሩት።

ፕላስቲኩ ገና አልተገዛም። አዲስ መጋዘን ጠባቂም ስላልተመደበ፣ ሁለተኛው ገጽ ገና ለማንም አልተነበበም።