ትከሻዬ ያለበት ስቲከር

ሐይቅ ዳር ባለው ሆቴል ክፍል የምናጸዳ ሴቶች ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንሠራው። ትልቁን አልጋ አንድ ሰው ብቻውን ሊያነጥፈው ይችላል፤ ወገቡን ካልወደደ ማለት ነው። የእኔ ጥንድ የነበረችው ልጅ አንሶላውን በወዲያ በኩል ይዛ ስታራግፍ የቤተ ክርስቲያኗን መዝሙር ታንጎራጉር ነበር። የትራስ ልብስ የምትቆጥረው በሲዳሙ አፎ ነው። እኔ ቋንቋውን የማውቀው ለገበያ ያህል ብቻ ነበር፤ መቁጠር ያስተማረችኝ እሷ ናት። አሁን የምሠራው ከሌላ ልጅ ጋር ነው። ጎበዝ ናት፣ ምንም አይወጣላትም፣ ግን አታንጎራጉርም። ሁለታችን ዝም ብለን ስናነጥፍ ድንገት ናፍቆቷ ይይዘኝና ትራሱን አቅፌ እቆማለሁ።

የጠዋት ፈረቃ ሲሆን ሰርቪሱ መጀመሪያ የሚያነሳው እሷን ነበር፤ ቤቷ ከሁላችንም ይርቃል። እኔ ስገባ አጠገቧ ቦታ ይዛልኝ አገኛታለሁ። ገና ከመቀመጤ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል ታደርግና እንቅልፍ ይወስዳታል፤ አፏን ከፍታ፣ እንደ ሕፃን። ሆቴሉ በር እስክንደርስ ትከሻዬ ይደነዝዛል፣ ግን አልነቃነቅም ነበር። ሥራ ስንጨርስ ደግሞ አንዳንድ ቀን አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ወርደን የተጠበሰ ዓሣ እንበላለን። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ እየተንጎራደዱ አጥንት ሲጠብቁ አንዱን ትመርጥና የሰው ኃይል ኃላፊያችንን ስም ታወጣለታለች። ኃላፊው ሲራመዱ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉና እውነትም ይመስላቸው ነበር።

ሠራተኛው የቴሌግራም ግሩፕ ነበረው። ሆቴሉ አይደለም የከፈተው፣ ራሳችን ነን፤ ልደት ሲሆን፣ ሰው ሲወልድ፣ ለቅሶ ሲኖር እንድንጠራራበት። እየቆየ የጽዳት ክፍል አለቃችን የፈረቃ ፕሮግራሙን እዚያ መለጠፍ ጀመረች። የሎከሩ ክፍል በር ላይ ከነበረው ሰሌዳ ይልቅ ስልክ ይቀላል። ሰሌዳው ባዶውን ቀረ፣ ማንም ልብ አላለውም።

ባሩ ውስጥ የሚሠራ አንድ ልጅ አለ፤ ቀልደኛ፣ እጁም አፉም የማያርፍ። አንድ ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ ተኝታ ፎቶ አነሳት። ፊቷን ቆርጦ ስቲከር ሠራና ከሥሩ «ክፍሉ ጸድቷል» ብሎ ጻፈበት። ሲቆርጠው የእኔ ዩኒፎርም ጫፍ አብሮ ቀርቷል፤ ጉንጯ ሥር ያለችው ሰማያዊ ነገር የእኔ ትከሻ ናት። መጀመሪያ የሳቀችው ራሷ ነበረች።

ቀልድ እዚያ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት። አልቆመም። ማታ ሁሉም ቤቱ ገብቶ እግሩን ሲዘረጋ ግሩፑ ይሞቃል። ፎጣ ጠፋ ሲባል ስቲከሯ ይላካል። እንግዳ ቅሬታ አቀረበ ሲባል ስቲከሯ ይላካል፣ የእሷ ወለል ይሁን አይሁን ማንም አይጠይቅም። ከዚያ በድምፅ እያስመሰሉ ማንኮራፋት መጣ። ከዚያ «ከእሷ ጋር የተመደበ አልጋም ተሸከመ፣ እሷንም ተሸከመ» ተባለ። እኔ ጻፍኩላቸው፣ ተዉ አልኳቸው፤ መልሱ ስቲከሩ ሆነ። ሥራ ላይ ስንገናኝ ግን ሁሉም «እንዴት አደርሽ» ባይ ነው። ይሄ ነበር የሚያቃጥለኝ። ፊት ለፊት ቢሰድቧት እኔም መልስ አላጣም ነበር።

እኔ ለለቅሶ ወደ ገጠር በሄድኩበት ሰሞን ከግሩፑ ወጣች። ቢያንስ ማታ ማታ ልረፍ ብላ ነው። የዚያኑ ዕለት አለቃችን ፈረቃ ቀይራ እዚያው ለጠፈች። ልጅቷ ከሰዓት ገቢ ነኝ ብላ ስትመጣ ለካ ጠዋት ተመድባ ነበር። ሳታስፈቅድ ቀርታለች ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ግሩፑ ውስጥም፣ በኋላ አንብቤዋለሁ፣ ስቲከሯ ሲዘንብ አመሸ፤ ይኸው ተኝታ ቀረች እየተባለ።

ከገጠር ስመለስ ሥራውን ልትለቅ ወስናለች። እኔ በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል ስለነበርኩ አቤቱታ እናስገባ አልኳት። እምቢ አለች። ለመንኳት። እውነቱን ለመናገር ስለ ፍትሕ ብዙም አላሰብኩም፤ ሰርቪስ ውስጥ ያ ቦታ ባዶ እንዳይሆን ነው የፈለግኩት። በስንት ልመና እሺ አለች፣ እኔም በጉዳዩ አልፈርድም፣ ያየሁትን ልመስክር እንጂ ብዬ ከኮሚቴው ወንበር ተነሳሁ።

የሰው ኃይል ኃላፊው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጣጣ ግን አይወዱም። ነገሩ እንዳሳዘናቸው ነገሩን። ቢሆንም የተጻፈው ከሥራ ሰዓት ውጪ ነው፣ በየሰው የግል ስልክ ነው፣ ግሩፑንም ድርጅቱ አልከፈተውም፤ ስለዚህ እጃችንን ማስገባት አንችልም አሉ። ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሚያወራውን ልንቆጣጠር ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ከልብ ነው የጠየቁት። እሷ ጉልበቷን ታይ ነበር።

ኮሚቴው የሆቴሉን የሕግ አማካሪ አስጠራ። ሽማግሌ ናቸው፣ ቢሯቸው መሃል ከተማ ነው፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ግሩፑን ከሥር እስከ ላይ በመነጽራቸው አነበቡት። አሠሪ የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር የመጠበቅ ግዴታ በሕግ አለበት አሉ። ከሥራ ማሰናበት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሕጉ የሚያውቀው በሥራ ቦታ የሚነሳ ጠብን ነውና ማታ በስልክ ለተጻፈ ነገር ብላችሁ ሰው ብታባርሩ ፍርድ ቤት ከሥራው ጋር ያለውን ግንኙነት አስረዱ ይላችኋል፣ ካላስረዳችሁ ትረታላችሁ አሉ። ኃላፊው እኔስ ምን አልኩ በሚል ዓይን አዩን።

አማካሪው ግን አልጨረሱም ነበር። ማስጠንቀቂያዋን አንስተው ፈረቃው የተቀየረው በምን እንደተነገራት ጠየቁ።

«በግሩፑ» አሉ ኃላፊው።

«በሌላ መንገድስ?»

«ሁሉም ሠራተኛ እዚያ ነው የሚያየው።»

«እንግዲያው አንዱን ይምረጡ» አሉ አማካሪው፣ ወረቀቱን ወደሳቸው እየገፉ። «ግሩፑ የሠራተኞች የግል ጨዋታ ከሆነ ይህቺን ልጅ በእሱ ልትቀጧት አትችሉም። የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ከሆነ ደግሞ ሰሌዳችሁ ላይ በሚጻፈው ትጠየቃላችሁ።»

ኃላፊው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ፣ ከዚያ ፈቱት። ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም ነበር፣ ሽማግሌውን ማለቴ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ፎቶው በሆቴሉ ሰርቪስ ውስጥ፣ በሆቴሉ ዩኒፎርም መነሳቱ ተመዘገበ። በማታው ወሬ ምክንያት፣ እኔ ገጠር ሳለሁ፣ ሁለት ሠራተኞች ከእሷ ጋር አንመደብም ማለታቸው፣ ማለትም ነገሩ ሥራው ውስጥ መግባቱ ተመዘገበ። የባሩ ልጅ ተጠርቶ ቃሉን ሰጠ፤ ቀልድ ነው ያልኩት አለ፣ ይቅርታም ጠየቀ። በሆቴሉ የውስጥ ደንብ መሠረት እሱና ሌሎች ሁለት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ ማንም አልተባረረም። የእሷ ማስጠንቀቂያ ተሰረዘ። ፈረቃው ወደ አሮጌው ሰሌዳ ተመለሰ፣ አለቃችንም በስልክ የምትለጥፈው ነገር ካለ ከእሷ በቀር ማንም የማይጽፍበት ቻናል ተከፈተላት።

በመጨረሻ ኃላፊው ሌላ የምትፈልጊው ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቋት። ያን ሁሉ ስብሰባ ዝም ብላ የቆየችው ልጅ ያኔ ተናገረች።

«ፊቴን ከሰው ስልክ ውስጥ አውጡልኝ» አለች።

የባሩ ልጅ የሠራውን ስቲከር ከሥሩ አጠፋ፣ ዋናውን ፎቶም እንዲያጠፋ ታዘዘ። ነገር ግን ሰው ፎቶ አድርጎ አስቀምጦታል፣ ለሌላ ሆቴል ጓደኞቹ ልኮታል፣ የማያውቋት ሰዎች ሲደክማቸው ይላላኩበታል። ኃላፊው ይህንን ሲነግሯት ድምፃቸው ዝቅ አለ። እሳቸው የሚያዝዙት ሠራተኛውን ነው፣ የእያንዳንዱን ሰው ስልክ ከፍተው ሊፈትሹ አይችሉም። ትክክል ነበሩ፣ እኔም አውቄዋለሁ፣ ግን ያን ቀን ትክክል መሆናቸውን ጠላሁት።

የዚያን ዕለት ሥራ ስንጨርስ አሞራ ገደል ወረድን። ዓሣዋን ሳትጨርስ ስልክሽን ስጪኝ አለችኝ። ከሁሉም ሰው ላይ ካልጠፋ ቢያንስ ካንቺ ይጥፋ አለች። በእኔ ስልክ ውስጥም ነበረ፣ ለኮሚቴው ማስረጃ ብዬ ያስቀመጥኩት። አብረን እየፈለግን አንድ በአንድ አጠፋነው። ስትጨርስ ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መለሰችልኝ።

ትንሽ ጊዜ ሠርታ ለቀቀች። ሰርቪስ ውስጥ መተኛት አልቻለችም ነበር። ዓይኗን አፍጥጣ መስኮቱን እያየች ነበር የምትሄደው፤ ትከሻዬ ላይ ተኚ ስላት «ደህና ነኝ» ትላለች። ዲላ እህቷ ጋ ሄደች። ስልክ ቁጥሯን ቀየረች መሰለኝ፤ ስደውል አይሠራም። በቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች በኩል ሰላምታ ልኬባታለሁ፣ ደርሷት እንደሆነ አላውቅም።

ሥራ ላይ ስልካችን ሎከር ውስጥ ነው የሚቆየው፣ ከሥራ ውጪም ፎቶ የምንነሳ ሰዎች አልነበርንም። እንነሳለን፣ ጊዜ አለን ብለን ነዋ። አንድም ፎቶዋ የለኝም። ድምፅዋን ሳንጎራጉር አገኘዋለሁ፣ ቁጥሩንም እስከ መጨረሻው እቆጥረዋለሁ፤ ፊቷ ግን በቀን በቀን እየራቀኝ ነው፣ ይህም ያስፈራኛል።

በቀደም ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ የባሩ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠ። ሌላ ቦታ አልነበረም። አሁን ጨዋ ሆኗል፣ ከእኔ ጋር ሲሆን ደግሞ አንገቱን ይደፋል። እኔ የማስበው ስለዚያ ያልተቆረጠው ፎቶ ነበር፤ እሷ ተኝታ፣ እኔ ሙሉ ትከሻዬን ሰጥቼ፣ ሁለታችንም ያለንበት። እስከ ሆቴሉ መታጠፊያ ከራሴ ጋር ስታገል ሄድኩ።

«ያን ፎቶ አጥፍተኸዋል?» አልኩት በመጨረሻ።

የምመረምረው መስሎት ደነገጠ። ስልኩን አውጥቶ ከፈተና እጄ ላይ አኖረው፤ እዪው፣ ራስሽ ፈትሺው፣ ያኔውኑ ነው ያጠፋሁት፣ ዛሬም አንድ ፎቶዋ የለኝም አለ። ፈተሽኩት። እስከ ታች ድረስ ወርጄ ፈለግኩ፣ እውነቱን ነበር። «ጎበዝ» ብዬ መለስኩለት፣ እና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ምነው ዋሽቶኝ በሆነ ብዬ እንዴት እንደተመኘሁ እንዳያይብኝ።