ቴፑ የቀደመን ጉዞ

ቅዳሜ ጠዋት ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ ተነሣሁ። የሄድሁበት ጉዳይ በአንገቴ ተንጠልጥሎ ነበር፦ የትምህርት ቤታችን ቴፕ። በውስጡ ያለው ካሴት ጎብኚን ያለ አስጎብኚ የዘጌውን ቤተ ክርስቲያን በጆሮው እየመራ እንዲያዞር እኔ ጽፌ፣ እኔው አንብቤ የቀዳሁት ነው። ያስጎበኙ የነበሩት አባ ወልዴ ጉልበታቸው ታሞ ተነሥቶ መዞሩ ከብዷቸዋል። ካሴቱ ብቻውን ካልመራ ግን ማረፊያ የላቸውም።

ለሙከራ የመጡት የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። ቦታውን አያውቁትም፤ የሚያውቅ ሰው ቢሰማው ጉድለቱን በራሱ ይሞላዋል፣ ለዚህ አይሆንም። ወደቡ ላይ ጥበቃው የይለፍ ወረቀታችንን አይቶ በቴፑ ላይ አፈጠጠ። «ስብከት ነው?» አለኝ። «መንገድ መሪ ነው» አልሁት።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር

በቡናው ጥላ ሥር ወጥተን ደረስን። አባ በር ላይ ሆነው ተቀበሉን። ወይዘሮ ዘነበች ጫማቸውን አውልቀው ማዳመጫውን በጆሯቸው አደረጉ፤ ቴፑን ከፈትሁ።

እሳቸው ግን በሩን ሊሳለሙ አጎነበሱ። መቃኑን ሳሙ፤ ጸሎት አደረሱ። ያን ጊዜ ቴፑ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ካለው ሥዕል ደርሶ ነበር።

«ፈረሱ የታለ? ነጭ ፈረስ ይላል!» አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

«ጥሎሽ ሄደ፣ ልጄ» አሉ አባ እየሳቁ።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ ትንሽ ፈጠን ቢሉ» አልሁ።

«ጓድ መምህር፣ ለመሳለምም ታስቸኩለኛለህ?»

የሳትሁት ይህን ነው። እርምጃውን ለክቼ ነበር፤ መሳለሙን ግን አልለካሁም፣ ደግሞም አይለካም። እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ያህል ይቆያል።

ከቡናው ሥር

ጽሑፉን እዚያው አስተካከልሁት። እያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያ ጎብኚው የት እንደሚቆም ይናገራል፤ ከዚያ ምን እንደሚያይ፤ በመጨረሻም ወዴት እንደሚሄድ፦ «መቅደሱን በግራዎ አድርገው እስከሚቀጥለው በር ይሂዱ።» ከዚያ ምልክት ይሰማል፤ ጎብኚው ቴፑን ያቆማል፣ ደርሶ ተሳልሞ ሲጨርስ ራሱ ይከፍተዋል። ለምልክቱ ደወሉን አሰብሁ።

«ያለ ሰዓቱ ብመታው አገሩ ሁሉ ይመጣል!» አሉና አባ በመቋሚያቸው ድንጋዩን ጠቅ ጠቅ አደረጉልኝ። አዲሱን ንባብና የመቋሚያውን ምት ከነወፎቹ ድምፅ ቀዳሁት።

ወይዘሮ ዘነበች ብቻቸውን ገቡ። እኔና አባ ውጭ ተቀመጥን። አባ ሁለት ጊዜ ሊነሡ ቃጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ይቀመጡ» አልኋቸው። ብዙ ቆይተው ወይዘሮ ዘነበች በፈገግታ ወጡ።

«ፈረሱን አገኘሽው?» አሉ አባ።

«አገኘሁት። ከጋላቢው እግር ሥር ያለውንም ዘንዶ!»

አባ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው አሻሹ። «እንግዳ መጥቶ ሳልነሣ ስቀር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ።

ቴፑን ከትምህርት ቤት በተፈቀደልን መሠረት ለእሳቸው ትተን ማታ ባሕር ዳር ገባን፤ ዓሣ ጥብስ በላን። የሚያስረዳ ሰው ዝም የሚልበትንም ቦታ መጻፍ እንዳለበት የተማርሁት በዚህ ጉዞ ነው። ሰኞ ክፍል ገብቼ ጥያቄ ጠየቅሁና፣ መልሱን ራሴ ሳልቀድም ጠበቅሁ።