ማሽኑ መያዣ፣ እትዬ ሳሙና ዋስ

የሆስፒታሉን ልብስ አጣቢ "እትዬ ሳሙና" ያሏቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ማጠቢያው ክፍል ገብቶ ሳይስቅ የሚወጣ ሰው የለም፤ ነርሶቹ እንኳ አንሶላ ለማድረስ መጥተው ጨዋታቸውን ሰምተው ይመለሳሉ። ከሳቁ ሥር ግን አንድ ሐሳብ ነበራቸው፤ ከቁጠባና ብድር ማኅበሩ ተበድረው የልብስ ማጠቢያ ማሽን መግዛት፣ ከዚያም ደጃቸው ላይ የራሳቸውን ሥራ መክፈት። እርጥብ አንሶላ ማንሳት ወገባቸውን ጨርሶታል።

ታዲያ ዋርሳቸው ቀደማቸው። የሟች ባላቸው ታናሽ ወንድም አናጺ ነው፤ የእንጨት መላጊያ ማሽን መግዣ ብድር ጠየቀ። ማኅበሩም ማሽኑን ራሱን በመያዣነት እይዛለሁ፣ ግን ያገለገለ ስለሆነ ብድሩን አይሸፍንም፣ ደሞዝተኛ ዋስ አምጣ አለው። እሱም ወደ እትዬ ሳሙና መጥቶ "ዋስ ይሁኑኝ፣ ለወጉ ያህል ነው" አላቸው። የብድር ሠራተኛዋ የዋስትናውን ውል ልታስረዳቸው ስትጀምር፣ እትዬ ሳሙና እኔው ያሳደግኩት ልጅ ነው ብለው ሳያነቡ ፈርመው ወደ ሥራቸው ሮጡ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለዚህ ነው።

አናጺው መጀመሪያ ላይ እንደ ሰዓት ከፈለ። ቀጥሎ ያዘገይ ጀመር፤ በመጨረሻ ጭራሽ አቆመ። ማኅበሩ እሱንም እሳቸውንም አስጠነቀቀ፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የደሞዝ ቀን ሲደርስ ከእትዬ ሳሙና ደሞዝ ሲሶው ተቆርጦ ጠበቃቸው።

የማኅበሩ ቢሮ ሲደርሱ ቁጣቸው ቀድሟቸው ገባ። ተበዳሪው በቁሙ እያለ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ምን የሚሉት ነው አሉ። ሠራተኛዋ ያን ቀን ያላስጨረሷትን አሁን ጨረሰች። የፈረሙት የአንድነት ዋስትና ነው፤ ተበዳሪው ካልከፈለ ማኅበሩ መጀመሪያ እሱን መክሰስ ሳያስፈልገው ከዋሱ መጠየቅ ይችላል። ማሽኑ በሐራጅ ተሸጦ የሚገኘው ከዕዳው ይቀነሳል፣ የቀረው ግን ከእሳቸው ደሞዝ መቆረጡ ይቀጥላል። የከፈሉትን ከአናጺው የመጠየቅ መብት አላቸው።

"የእኔስ ብድር?" አሉ እትዬ ሳሙና።

"ከዚህ ዋስትና ነፃ እስኪወጡ ደሞዝዎ ተይዟል፣ እትዬ። ሌላ ብድር ልንሰጥዎ አንችልም።"

ይህቺ አንጀታቸውን ቆረጠችው። በቀጥታ ወደ አናጺው ሱቅ ሄዱ፤ በመንገዱ ሁሉ የሚሉትን ስድብ ሲመርጡ ነበር። ማሽኑ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል፤ እሱ አጠገቡ ተቀምጧል። ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ማስጠገኛ የለውም።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ዓይንዎን ማየት አፍሬ።"

የመረጡትን ስድብ አንድም ሳያስቀሩ አወረዱበት። ሲጨርሱ ግን ዓይናቸው ማሽኑ ላይ ቀረ። እንዲህ እንደተበላሸ በሐራጅ ቢወጣ የብረት ዋጋ እንኳ አያወጣም፤ ቀሪው ሁሉ እሳቸው ላይ ሊወድቅ ነው። በዓለም ላይ ይህ ማሽን እንዲዞር ከእሳቸው የበለጠ የሚፈልግ ሰው እንደሌለ ያን ጊዜ ገባቸው። ተናደዱም፣ ሳቁም።

በማግስቱ የሆስፒታሉን ማጠቢያ ማሽኖች የሚጠግነውን ቴክኒሻን ያዙት። የእጁን ዋጋ አናጺው በሚሠራለት የመጽሐፍ መደርደሪያ ሊቀበል ተስማማ፤ የመለዋወጫውን እትዬ ሳሙና ከዕቁባቸው አወጡ። ከዚያ አናጺውን እጁን ይዘው ማኅበሩ ቀረቡ፤ ሐራጁ እንዲዘገይ፣ መክፈያው ተራዝሞ ወርኃዊው ክፍያ እንዲቀንስ ለመኑ። ኮሚቴው ማሽኑ ሲሠራ ካየ በኋላ ፈቀደ። አዲሱን ውል እሳቸውም እንደ ዋስ መፈረም ነበረባቸው። እትዬ ሳሙና ያን ቀን እያንዳንዱን መስመር አስነብበው ሠራተኛዋን አፏን አደረቋት።

አናጺው ሠራ። ክፍያውን ሲያደርስ ማጠቢያው ክፍል ድረስ እየመጣ ደረሰኙን ያሳያቸዋል፤ ከደሞዛቸው የተቆረጠውንም ቀስ እያለ መለሰ። ዕዳው አለቀ፣ ማሽኑ ከመያዣነት ተለቀቀ፣ የእሳቸውም ደሞዝ ነፃ ወጣ።

አሁን ተራው የእሳቸው ሆነ። የማጠቢያ ማሽን መግዣ ብድር ጠየቁ፤ ማኅበሩም በተራው ተጨማሪ ማስያዣ ወይም ዋስ ፈለገ። ማጠቢያው ክፍል ይህን ሲያነሱ በየቀኑ የሚስቀው ሁሉ ወደ ሥራው ዞረ፤ ዋስ እሆናለሁ ያለ አልተገኘም። አልተቀየሙም፤ የዋስን ነገር ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል? ማመልከቻቸውን ሊሰርዙ ቢሮ ሲገቡ ግን አናጺው ቀድሟቸው ተቀምጧል። ደሞዝ ስለሌለው በደሞዝ ዋስ መሆን አይችልም። ስለዚህ የመላጊያ ማሽኑን ሰነድ ለእሳቸው ብድር መያዣ እንዲሆን ጠረጴዛው ላይ አድርጎታል።

ሠራተኛዋ አስረዳችው። ዕዳው የእሱ ባይሆንም እሳቸው ካልከፈሉ እንጀራው የሆነው ማሽን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። እስከ መጨረሻው ሰማት።

"አውቃለሁ" አለ። "እኔ ሳቆም ከማን ደሞዝ እንደተቆረጠ አይቻለሁ።"

እስክሪብቶውን ሲያነሳ እትዬ ሳሙና እጁን ያዙት። "አንብበህ ፈርም፣ ልጄ።"

እሱ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ማንበብ ያዘ። እሳቸው አንድ ቀልድ ሊፈልጉ ሞከሩ፤ አጡ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ እስኪጨርስ ጠበቁት።